ተጫዋቹ ግራ ሲጋባ ዝም ማለት፦ ጨዋታን በማናውቃቸው ሰዎች የመሞከር መመሪያ

ጨዋታ የሠራ ሰው፣ ሌላው ሲጫወትለት አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ማለት ይከብደዋል። ተጫዋቹ መውጫው ፊት ለፊት ቆሞ መውጫ ሲፈልግ፣ የሠሪው ጣት ሳያስበው ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። «እሱን ተጫነው» ይላል። ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፤ ሙከራው ግን እዚያው ላይ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጨዋታው ያስተማረው ተጫዋች ሳይሆን ሠሪው ያስተማረው ተጫዋች ነው።

ፍንጭ የሚያበላሸው ያችን አንዲት ቅጽበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን ተጫዋች የቆመበት ቦታና ግራ መጋባቱ የጀመረበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ሦስተኛው ክፍል ላይ የተቸገረ ሰው ችግሩን ይዞት የመጣው ከመጀመሪያው ክፍል ሊሆን ይችላል። ምንጩን ለማግኘት፣ ሰውየው የተሳሳተ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሲከተለው ማየት ያስፈልጋል። እርዳታ ሐሳቡን መሃል ላይ ይቆርጠዋል።

ይህ መመሪያ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ለሚጫወቱት አነስተኛ ጨዋታ፣ በተለይም ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የተዘጋጀ ነው። ተጫዋች የጨዋታውን ሕግ የሚማረው በእነዚያ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ በስህተት የሚማረውም በእነርሱ ውስጥ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ ለምሳሌ የታሰበ ጨዋታ ይዘን እንሂድ። ከጎን የሚታይ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። አንዲት ልጅ ወደ ደረቀ የአትክልት ቦታ ትገባለች። በክፍል 1 ድንጋይ አንሥታ ትወረውርና የተሰቀለ ድልድይ ታወርዳለች። በክፍል 2 ባልዲ ታገኛለች፣ ከጉድጓድ ውሃ ትቀዳለች። በክፍል 3 ከፍ ያለ ግንብ ይገጥማታል፤ ከግንቡ ሥር የጠወለገ ሐረግ አለ። ሐረጉ ላይ ውሃ ስታፈስስበት ያድጋል፣ እርሷም በእርሱ ተንጠላጥላ ትሻገራለች። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ቁልፍ ነው፦ ሲጫኑት ዕቃ ያነሣል፣ ዳግመኛ ሲጫኑት ይወረውራል፣ ተጭነው ሲያቆዩት ያፈስሳል።

1. የሚጠብቁትን አስቀድመው ይጻፉ

ከሙከራው በፊት ባለው ቀን አንድ ወረቀት ይውሰዱና ተጫዋቹ የት ላይ ምን ማወቅ እንዳለበት ይጻፉ። በምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል፦ ክፍል 1 ሲያልቅ ዕቃ ማንሣትና መወርወር እንደሚቻል ያውቃል። ክፍል 2 ሲያልቅ ባልዲው ውሃ እንደሚይዝ፣ ቁልፉን ተጭኖ ማቆየትም ውሃውን እንደሚያፈስስ ያውቃል። ክፍል 3 በገባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሐረጉ ውሃ እንደሚፈልግ ይገምታል።

ይህ ወረቀት ሳይኖር የተደረገ ሙከራ ለሠሪው ሁልጊዜ ደግ ነው። ተጫዋቹ ያልገባው ነገር ሲገጥመው «ይህ እንኳ ሆን ተብሎ ነው፣ በኋላ ይገባዋል» ማለት ቀላል ነውና። አስቀድሞ የተጻፈ ነገር እንዲህ ያለውን ማምለጫ ይዘጋል።

በዚያው ወረቀት ላይ የማቆሚያውን ወሰንም ይጻፉ። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ምን ያህል ደቂቃ ሲቆይ ነው የሚያቆሙት? ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ 5 ደቂቃ በቂ ነው። ወሰኑ በሙከራው መሃል የሚወሰን ከሆነ የሚወስነው የእርስዎ ትዕግሥት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ወሰኑ ሲደርስ ተጫዋቹን የሚያሻግሩት በማስረዳት ሳይሆን ቀጣዩን ክፍል በመክፈት ስለሆነ፣ ለየክፍሉ መጀመሪያ የተቀመጠ መግቢያ ያዘጋጁ።

2. ማንን መጥራት፣ ምን መንገር

ጓደኛና ዘመድ ለሌላ ነገር ይጠቅማሉ፤ ለዚህ ግን አይሆኑም። ስለ ጨዋታው ሰምተዋል፣ ፊትዎን ማንበብ ያውቃሉ፣ እንዳያስቀይሙዎትም ይጠነቀቃሉ። የሚያስፈልግዎ እርስዎን የማያውቅ፣ ጨዋታውንም አይቶ የማያውቅ፣ ግን ይህን ዓይነት ጨዋታ ሊገዛ የሚችል ሰው ነው። ሲመርጡ «ጨዋታ ይወዳሉ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ባለፈው ወር የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች ይንገሩኝ» ማለት የተሻለ ነው። መልሱን ከስሙ ይልቅ በቁጥር በተሰየመው መዝገብ ላይ ያስፍሩት፤ አንድ ሰው ለምን እንደተሳሳተ ሲፈልጉ ከሌላ ጨዋታ ያመጣው ልማድ ብዙ ጊዜ ይገኝበታል።

በጥሪው ላይ የጨዋታውን ስም፣ ሥዕልና ታሪክ አያስገቡ። «ውሃና ዕፅዋት ያለበት የእንቆቅልሽ ጨዋታ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ክፍል 3ን ግማሽ በግማሽ ፈትታለች። በኮምፒውተር የሚጫወቱት፣ በግምት አንድ ሰዓት የሚወስድ፣ ስክሪንና ድምፅ የሚቀረጽበት መሆኑ ይበቃል። ስለ መቀረጹ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ የወላጁን ወይም የአሳዳጊውን ጭምር። የምስጋና ስጦታ ካለ ከጨዋታው በፊት ይስጡት። መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ስጦታ ያለ ሰው አፉ ይጣፍጣል።

አንድ ሰው አዲስ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያገኟቸውን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርሱ፤ ማሻሻያውን የሚሞክሩበት ሰው ያስፈልግዎታልና። ተጋባዦቹም መግቢያው ላይ እንዳይገናኙ በሰዓት ያራርቋቸው። የጨረሰው ለሚገባው «ሐረጉን ውሃ አጠጣው» ብሎት ቢያልፍ የእርስዎ ዝምታ ትርፉ ምን ይሆናል?

3. አቀማመጡና መቅረጫው

ከተጫዋቹ ጎንና ጥቂት ወደ ኋላ፣ ስክሪኑን በሚያዩበት ነገር ግን እርሱ ፊትዎን ለማየት መዞር በሚኖርበት ቦታ ይቀመጡ። ስክሪኑን በኦቢኤስ ስቱዲዮ ወይም በመሰል ፕሮግራም ይቅረጹ። ፋይሉ በ`.mkv` እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ቢጠፋ እስከዚያ ድረስ የተቀረጸው አይበላሽም። አንድ ስልክ ደግሞ እጆቹንና መቆጣጠሪያውን ይቅረጽ። በምሳሌያችን ሁሉ ነገር የሚያርፈው ቁልፉን በመጫንና በማቆየት ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ አውራ ጣቱን ያላየ ታዛቢ ምንም አላየም። ሁለቱም ቀረጻ ሲጀምር አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ድምፁ በኋላ ሁለቱን ፊልሞች ለማገጣጠም ያገለግላል።

መዝገቡ የሚያያዘው በሰዓት ስለሆነ፣ ከቀረጻው ጋር አብሮ የሚጀምር የሰዓት መቁጠሪያ ከፊትዎ ይኑር። ይህን ሁሉ ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር አንድ ጊዜ ይለማመዱት። የእርሱ ውጤት አይቆጠርም፤ ማይክሮፎኑ መሥራቱን ለማወቅ ነው።

4. የመክፈቻውን ቃል ከወረቀት ያንብቡ

በቃል የሚነገር መግቢያ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፤ ሦስተኛው እንግዳ ላይ ሲደርሱ ሳያውቁት ክፍል 3ን ማስረዳት ጀምረዋል። ስለዚህ ጽፈው ያንብቡት፣ ማንበብዎንም አይደብቁ። እንዲህ ያለ ይሆናል፦

«ስለመጡ አመሰግናለሁ። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዲሆን ከወረቀት አነባለሁ። ዛሬ የምንፈትነው ጨዋታውን ነው፤ ችግር ከገጠመዎ ችግሩ የጨዋታው ነው። ቤትዎ ብቻዎን እንደሆኑ አድርገው ይጫወቱ። እየተጫወቱ ሳሉ በሐሳብዎ የሚመጣውን ሁሉ ድምፅ እያወጡ ይናገሩ፤ ለእኔ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁ፤ እኔ እጽፈዋለሁ እንጂ አሁን አልመልስም። በፈለጉ ጊዜ ማቆም ይችላሉ፤ ምክንያት አልጠይቅም።»

«እጽፈዋለሁ እንጂ አልመልስም» የሚለው ወሳኝ ነው። አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ዝምታዎ ንቀት ወይም ፈተና ይመስላል፤ ተጫዋቹም መጠየቁን ይተወዋል። እርስዎ ደግሞ ጥያቄውን በእጅጉ ይፈልጉታል።

ድምፅ እያወጡ ማሰብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ስለሆነ ጨዋታውን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ማሟሻ ይስጡ። «የሚኖሩበት ቤት ስንት መስኮት እንዳለው ድምፅ እያወጡ ይቁጠሩልኝ» ይበሉ። ሰውየው በሐሳቡ ከክፍል ክፍል እየዞረ ይቆጥራል፤ የሚፈለገውም አነጋገር ያ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬ. አንደርስ ኤሪክሰንና ኸርበርት ሳይመን በ1980 ያሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ በዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያስቀምጣል። በሐሳቡ ያለውን ዝም ብሎ የሚናገር ሰው ቢዘገይም የሚያስብበት መንገድ ያን ያህል አይለወጥም፤ ለምን እንዳደረገው እንዲያስረዳ የሚጠየቅ ሰው ግን አስተሳሰቡ ራሱ ይለወጣል። ስለዚህ በጨዋታው መሃል «ለምን?» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ። መዘግየቱም አንድ ነገር ያሳስበናል፦ እየተናገረ የተጫወተ ሰው የፈጀበትን ጊዜ የጨዋታው ትክክለኛ ርዝመት አድርገው አይውሰዱ።

5. ዝምታ ሲባል

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። የሒሳብ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር፤ ባለቤቱም አላታለለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 ባወጣው ጥናት ምሥጢሩን ገለጠ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲቀር ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ሲደረግ፣ ፈረሱ ይሳሳታል። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂዎቹ ጭንቅላታቸውን በጥቂቱ ቀና ያደርጉ ነበር፤ ይህንንም እንደሚያደርጉ አያውቁም። ፈረስ ያነበበውን ሰው ያነበዋል። እንግዲህ ከንፈርዎን ገጥመው ስለተቀመጡ ብቻ ዝም ብለዋል ማለት አይደለም።

በሙከራ ላይ እንዲህ ያሉት ምልክቶች በተወሰኑ ቦታዎች ይገኛሉ። ተጫዋቹ ወደ ሐረጉ ሲቀርብ ወንበርዎ ላይ ቀና ይላሉ፤ ሲርቅ ትንፋሽ ያወጣሉ። ሲሳሳት ብቻ የሚጽፍ እስክሪብቶ ድምፁ «ተሳስተሃል» ይላል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ምንም ሳይሆንም እንኳ ሳያቋርጡ ይጻፉ። ለሌላው የሚረዳው ዐይንዎን ከመዝገቡና ከስክሪኑ አለማንሣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው የጨዋታው ሠሪ ሌላ ክፍል ሆኖ ስክሪኑን እንዲከታተል፣ ታዛቢነቱን ደግሞ መፍትሔውን የማያውቅ ሰው እንዲይዘው ማድረግ ነው። ነገር ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህ ላይመቸው ይችላል።

መናገር ግድ ሲሆን የሚፈቀዱት ዐረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያኑሯቸው። ተጫዋቹ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ፦ «አሁን ምን እያሰቡ ነው?» ጥያቄ ከጠየቀ፦ «እኔ ባልኖር ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» በዚህም ከጸና፦ «ጽፌዋለሁ፣ ይቀጥሉ።» በቃ። «ጥሩ ነው» እና «በርቱ» የሚሉት እንኳ የተከለከሉ ናቸው፤ በትክክለኛው መንገድ ላይ ሲሆን ብቻ ከተነገሩ መንገድ ጠቋሚ ይሆናሉ።

የዕቃዎቹን ስምም ከተጫዋቹ አይቅደሙ። እርሱ «ይሄ ገመድ የሚመስለው» ካለ፣ እርስዎ ያለዎት ቃል «ገመድ የሚመስለው» ነው። «ሐረጉን ማለትዎ ነው?» ካሉት፣ የሚያድግ ነገር መሆኑን ነግረውታል። ገመድ መስሎት እንደነበረም ሳይመዘገብ ቀረ።

ጨዋታው ራሱ ከተበላሸ ወይም መቆጣጠሪያው ከተቋረጠ ወዲያው ጣልቃ ይግቡ፤ ይህ ከፈተናው ውጭ ነው። ተጫዋቹ በግልጽ ከተጨነቀ ወይም ማቆም ከፈለገም ያቁሙ። ወሰኑ ሲደርስ «አመሰግናለሁ፣ አሁን ሌላ ክፍል እከፍታለሁ» ይበሉና ቀጣዩን ይክፈቱ። መፍትሔው ምን እንደነበር አይንገሩ። ከዚያ በኋላ ባለው መዝገብ ላይ መስመር ያስምሩ፤ ያልተማረውን ሕግ ሳያውቅ የገባ ሰው በመሆኑ ቀጥሎ የሚያደርገው ከሌሎቹ ጋር እኩል አይመዘንም።

6. መዝገቡ

ገጹን በአራት ይክፈሉት፦ ሰዓት፣ ያደረገው፣ ያለው፣ እና የእርስዎ ግምት። አራተኛው ዓምድ በሙከራው ጊዜ ባዶ ይሁን፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ የሚሞላ ነው። «ሐረጉን አላየውም» የሚለው ድርጊት ሳይሆን ግምት ነው። ድርጊቱ «ሐረጉን አልፎ ወደ ግንቡ ሄደ» የሚለው ነው። ሁለቱ አንድ ዓምድ ውስጥ ከገቡ በሳምንቱ የትኛው የታየ፣ የትኛው የታሰበ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የተጫዋቹን ቃል ደግሞ ሳያሳምሩ፣ እንዳለው ያስፍሩት።

ግራ መጋባት ሁልጊዜ «አልገባኝም» እያለ አይመጣም። ያንኑ ድርጊት ያለ ለውጥ መደጋገም፣ ወደ ጨረሱት ክፍል መመለስ፣ ያለ ምክንያት የቅንብር ገጹን መክፈት፣ ሁሉንም ቁልፎች በየተራ መጫን፣ ሲናገር የነበረ ሰው ድንገት ዝም ማለት፣ ያለ ቀልድ መሳቅ፣ እነዚህ ሁሉ ይመዘገባሉ። ለመያዝ የሚያስቸግረው በልበ ሙሉነት የሚሳሳት ተጫዋች ነው፤ አይቆምም፣ አያጉረመርምም፣ የያዘው ሐሳብ ግን ስህተት ነው።

በምሳሌያችን የሁለተኛዋ ተጫዋች መዝገብ እንዲህ ይነበብ፦

02:40 — ክፍል 1። ድንጋዩን አነሣች፣ ወረወረች፣ ድልድዩ ወረደ። «እሺ፣ መወርወር ነው።»

04:15 — ክፍል 2። ባልዲውን አነሣች፣ ከጉድጓዱ ቀዳች።

04:30 — «ተጭነው ያቆዩ» የሚለው ምልክት ወጣ። እየሮጠች ነበር፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ከክፍሉ ወጣች። ምንም አላለችም።

05:05 — ክፍል 3። «ይሄ ደርቋል፣ ውሃ ይፈልጋል።»

05:12 — ባልዲውን ሐረጉ ላይ ወረወረች። ውሃው ፈሰሰ፤ ሐረጉ አልተንቀሳቀሰም።

05:50 — ተመልሳ ቀድታ መጣች፤ ከቅርብ ወረወረች። ምንም የለም።

06:25 — እንደገና፣ ዘልላ ከላይ ወረወረች። «ምናልባት አወራወሬ ይሆናል።»

06:40 — ዝምታ። «እንግዲያው ለጌጥ ነው።»

06:52 — ግንቡ ላይ ትዘልላለች፤ ደጋግማ።

08:30 — ባልዲውን ግንቡ ሥር ወረወረች፤ ልትቆምበት ሞከረች።

09:20 — «ያላየሁት ዕቃ መኖር አለበት።» ወደ ክፍል 1 ተመለሰች።

10:05 — ወሰን። ክፍል 4 ተከፈተ።

ከ06:52 በኋላ ብቻ ያየ ሰው «ሐረጉ አልታያትም» ብሎ ይደመድምና ሐረጉን ያስደምቀዋል፣ ብርሃን ያበራበታል። ግን በ05:05 አይታዋለች፣ ምን እንደሚፈልግም ተናግራለች፤ ወረቀቱ ከጠበቀው አንድ ደቂቃ እጅግ ቀድማ። ትክክለኛውን ሐሳብ ይዛ ገባች፣ ጨዋታው ግን ሐሳቧን አስጣላት። የወረወረችው ውሃ ሐረጉ ላይ ፈስሶ ሐረጉ ዝም ሲላት፣ ከዚያ የምትማረው «ውሃ አይደለም የሚፈልገው» የሚለውን ነው። መወርወርንም የተማረችው ከክፍል 1 ነው፤ እዚያ ወርውራ ተሳክቶላታል። ማፍሰስን ማስተማር የነበረበት ክፍል 2 ደግሞ ሳታፈስስ አሳልፏታል። የቆመችው በ06:40 ነው፤ ችግሩ የተወለደው በ04:30 ነው።

አሁን በ05:50 ላይ አንድ ደግ ታዛቢ «ተጭነው ያቆዩት» ቢላት ምን ይመዘገብ ነበር? «ቁልፉን ለማወቅ ትንሽ ተቸገረች።» «እንግዲያው ለጌጥ ነው» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ አትነገርም ነበር።

7. ከጨዋታው በኋላ

መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ማስረዳት ካለ መጨረሻ ላይ። የሚጀመርበት ጥሩ ጥያቄ፦ «ይህን ጨዋታ ላልተጫወተ ሰው እንዴት እንደሚጫወቱት ይንገሩልኝ።» ሰውየው ሲያስረዳ በአእምሮው የገነባውን ሕግ ይዘረግፍልዎታል። ከዚያ የቀረጻውን አንዳንድ ቦታ ያሳዩትና «እዚህ ላይ ምን ለማድረግ እየሞከሩ ነበር?» ይበሉ። «ግልጽ ነበር?» አይበሉ፤ እንግዳ ሰው ባለቤቱን ላለማሳፈር አዎ ይላል። «ምልክቱን አይተውት ነበር?» የሚለውም ምልክት እንደነበረ ይነግረዋል፤ ከነገሩት በኋላ ደግሞ ማየቱ ትዝ ይለዋል።

በምሳሌያችን አራተኛው ተጫዋች ክፍል 3ን በአርባ ሰከንድ ጨርሷል። መዝገቡ ላይ ምንም ችግር የለም። ሲያስረዳ ግን «ሐረጉ ሁለት ጊዜ ውሃ ሲያገኝ ያድጋል» አለ። የእጁ ቀረጻ ሲታይ፣ መጀመሪያ ወረወረ፤ ሁለተኛ ሲሞክር አውራ ጣቱ ሳያስበው ቁልፉ ላይ ቆየ፣ ውሃውም ፈሰሰ። አለፈ፣ ግን የሌለ ሕግ ተምሮ አለፈ። ይህ ሰው ክፍል 6 ላይ ሌላ ሐረግ ሲገጥመው የሚቆመው ለምን እንደሆነ፣ ይህ ጥያቄ ባይጠየቅ ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ «አለፈ» እና «ገባው» የሚሉትን በመዝገቡ ላይ ለየብቻ ይያዙ።

ተጫዋቾች መፍትሔ ማቅረብ ይወዳሉ፦ «እዚህ ጋ ካርታ ቢኖር።» ቃሉን ይጻፉት፣ ያመስግኑ፣ አይከራከሩ። ካርታ መፈለጉ ግን ያላየው ዕቃ አለ ብሎ ማመኑን ይናገራል እንጂ ካርታ ያስፈልጋል ማለት አይደለም።

8. መዝገቦቹን ማንበብና መለወጥ

አራተኛውን ዓምድ ተጫዋቹ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሙሉ። ሁሉም ሲያልቅ ተጫዋቾቹን በአግድም፣ የጨዋታውን ቦታዎች በቁመት አድርገው አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ በየሳጥኑ ሰውየው በዚያ ቦታ ያመነውን በአጭሩ ይጻፉ። የእኛ አምስት ተጫዋቾች ክፍል 3 ላይ፦ አምስቱም መጀመሪያ ወረወሩ፤ ከእነርሱ አራቱ ሐረጉ ውሃ እንደሚፈልግ ቀድመው ተናግረዋል፤ ሦስቱ በኋላ ሐሳባቸውን ጣሉ፣ አንዱ በአጋጣሚ አለፈ፣ አንዱ ቁልፎቹን ሁሉ ሲሞክር አገኘው።

ለሙከራ አምስት ሰው ይበቃል ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባሳተሙት ስሌት፣ አንድ ተፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን የሚያሳይ ከሆነ አምስቱ 85 በመቶ ገደማ ያሳያሉ። ነገር ግን 31 በመቶው እነርሱ ካጠኗቸው ሥራዎች የተገኘ አማካይ ነው፤ የእርስዎ ጨዋታ ያንን አልፈረመም። አምስት ሰው ችግር መኖሩን ያሳያል እንጂ ከሚገዙት ውስጥ ስንት በመቶው እንደሚቸገር አይናገርም፤ «60 በመቶው ተስፋ ቆረጠ» ብለው አይጻፉ።

ምክንያቱ ግልጽ የሆነ ችግር አምስተኛውን ሰው መጠበቅ የለበትም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ማይክል ሜድሎክና ባልደረቦቹ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በተባለው ጨዋታ ማስተማሪያ ክፍል ላይ የሠሩበትንና በ2002 ያቀረቡትን አሠራር እዚህ ላይ እመርጣለሁ፦ ችግሩና መፍትሔው ግልጽ ከሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻ ያሳየው ቢሆንም እንኳ፣ ከቀጣዩ ተጫዋች በፊት ይስተካከላል፤ ማስተካከያው መሥራቱ ደግሞ በቀጣዮቹ ይፈተናል። ምክንያቱ ግልጽ ካልሆነ ግን አይንኩት፤ ተጨማሪ ሰው ይመልከቱ። የተለወጠበትን ቦታ በሠንጠረዡ ላይ በወፍራም መስመር ይለዩት፤ ከመስመሩ በፊትና በኋላ ያሉት የተጫወቱት የተለያየ ጨዋታ ነው።

መጀመሪያ የሚለወጠው ችግሩ የተወለደበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሐረጉን ከማስደመቅ ይልቅ ክፍል 2 መውጫው ላይ ትንሽ የደረቀ አበባ እናኖራለን፤ ውሃ እስኪፈስስበት ድረስ መውጫው አይከፈትም። ሌላ አደጋ በሌለበት ጠባብ ቦታ ማፍሰስን ሳይማር የሚያልፍ አይኖርም። ቀጥሎ፣ ውሃ ሲወረወርበት ሐረጉ አንድ ቅጠል ቀና አድርጎ መልሶ እንዲጥል እናደርጋለን፤ ትክክለኛ ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው «ሐሳቤ ልክ ነው፣ አደራረጌ ነው እንጂ» እንዲል።

ከዚያ አዲስ ወረቀት ያውጡና ከሙከራው በፊት የሚጠብቁትን እንደገና ይጻፉ፦ ክፍል 3 ላይ መጀመሪያ ቢወረውር እንኳ በሁለተኛው ሙከራ ያፈስሳል፤ ሲያስረዳም «ሁለት ጊዜ» የሚል ቃል አይወጣውም። ያስቀሩዋቸውን ሰዎች ይጥሩ። ክፍል 3ን በቀላሉ አልፈው ክፍል 2 መውጫው ላይ አበባው ፊት ባልዲ ሲወረውሩ ካዩ ግራ መጋባቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ግን ምልክቱ፣ ቁልፉና ስህተቱ በአንድ ስክሪን ላይ ስለሆኑ መንስኤውን ፍለጋ ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። ያኔ የሚመረመረው ቁልፉ ራሱ ነው፦ መወርወርንና ማፍሰስን በአንድ አውራ ጣት ላይ መጫኑ።